ከ1,210 ቃል ወደ 650፦ ኤሴይ ሲቆረጥ ክሩ እንዳይበጠስ

በኮመን አፕ በኩል ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ተማሪ ዋናውን የግል ኤሴይ የሚያስገባበት ሳጥን ከ250 ቃል በታች አይቀበልም፣ ከ650 በላይም አይቀበልም። «ያለፈው በትንሽ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ሰው ከጀርባው የለም፤ የሚመልሰው ቅጹ ራሱ ነው። የተማሪዎቻችን የመጀመሪያ ረቂቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሺህ ቃል ይበልጣል። ይህ ራሱ ችግር አይደለም፤ ረጅም ረቂቅ መቁረጥ አጭሩን ከማስረዘም ይቀላል። ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ገደቡ ውስጥ በትክክል የገባ፣ የሰዋስው ስህተትም የማይወጣለት፣ ግን ተነቦ ሲያበቃ ስለ ጸሐፊው አንድም ነገር የማያስታውስ ኤሴይ የሚወለደው በመቁረጫው ሰዓት ነው።

የሚወለደውም እንዲህ ነው። ተማሪው ከላይ ይጀምርና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ቃል እየነቀለ ይወርዳል። ሁሉም አንቀጽ እኩል ይከሳል። ማንንም ላለማስቀየም እንደሚደረግ ክፍፍል ነው፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ማንም አይጠግብም። መጀመሪያ የሚወድቀው ዝርዝሩ ነው፤ ቃል ይፈጃልና። የሚተርፈው «ብዙ ተምሬበታለሁ» የሚለው ድምዳሜ ነው፤ አጭር ነዋ። ማስረጃው ሄዶ ፍርዱ ይቀራል።

ነገሩን በአንድ ረቂቅ ላይ ብንሠራው ይገባናል። ረቂቁ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ የማንም ተማሪ ጽሑፍ አይደለም። ቃሉ የተቆጠረው በእንግሊዝኛ ነው፣ ምሳሌዎቹን ግን እዚህ በአማርኛ አቀርባለሁ። ጸሐፊዋ ደሴ ያደገች፣ ስታቲስቲክስ ማጥናት የምትፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት እንበል። ረቂቋ 11 አንቀጽና 1,210 ቃል አለው። ስለዚህ 560 ቃል መውጣት አለበት፤ ግማሽ ለመሆን ትንሽ የቀረው ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ራሱ ዘዴውን ይወስናል። ከአንድ ደህና ከተጻፈ ረቂቅ ዓረፍተ ነገር በመቆንጠር ብቻ፣ ምንም ሳይጎዳ፣ ከአሥር እጅ አንድ ያህል ቢወጣ ነው። 46 በመቶ ለማውጣት አንቀጽ በሙሉ መሄድ አለበት። የትኛው አንቀጽ እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ኤሴዩ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አብዛኛው ተማሪ ይህን ሳያውቅ ነው መቀስ የሚያነሳው።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ረቂቁን በሌላ ስም አስቀምጦ፣ በቅጂው ላይ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ቁጥር፣ የቃል ብዛትና በጥቂት ቃላት ሥራውን መጻፍ ነው። የቃሉን ብዛት ለማወቅ ጎግል ዶክስ ላይ አንቀጹን ብቻ መርጦ Ctrl+Shift+C መጫን ይበቃል። የእኛ ረቂቅ እንዲህ ይወጣል። አንድ፦ ስለ ትምህርት የተነገረ ጥቅስና ሰፊ መግቢያ፣ 95 ቃል። ሁለት፦ ትውልድ፣ ቤተሰብ፣ ደሴ፣ 120። ሦስት፦ የአንደኛ ደረጃ ውጤትና ሽልማት፣ 85። አራት፦ የእናት ሱቅ፣ 140። አምስት፦ የዱቤ ደብተሩ፣ 185። ስድስት፦ ደብተሩን በቀን ቅደም ተከተል መገልበጥ፣ 130። ሰባት፦ በጦርነቱ ጊዜ መፈናቀል፣ 115። ስምንት፦ የሮቦቲክስና የክርክር ክበብ፣ 100። ዘጠኝ፦ ለምን ስታቲስቲክስ፣ 80። አሥር፦ አሜሪካ ያለ አጎትና የልጅነት ሕልም፣ 75። አሥራ አንድ፦ ምስጋናና አገርን የመለወጥ ምኞት፣ 85።

አሁን ክሩ የት ነው? መግቢያው ላይ እንደማይገኝ ከሞላ ጎደል እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ትምህርት ቤት የተማርነው ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ነው፤ መግቢያው ከሰፊው ዓለም ተነስቶ ወደ ጉዳዩ ይጠብባል። ተማሪ የሚመርጠው የኮሌጁ ኮሚቴ ግን ከሰፊው ዓለም ጋር ጉዳይ የለውም። ክሩ የሚገኘው አጻጻፉ ሳያስበው ቀስ ያለበት ቦታ ነው፤ ስም ያለው ዕቃ፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን፣ ሰው የተናገረው ቃል የሚታይበት። በዚህ ረቂቅ ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ አምስተኛው መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። እናትየዋ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ሰጥታ ዱቤውን በስም ትጽፋለች፤ ሲከፈል በእስክሪብቶ ትሰርዛለች። ልጅቷ ሒሳቡን ስትይዝ ገጻቸው ያልተሰረዘላቸውን ሰዎች ማየት ትጀምራለች፣ በልቧም ትፈርድባቸዋለች።

ክር ማለት ርዕሰ ጉዳይ አይደለም። «የእናቴ ሱቅ» ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ «ታታሪነት» ደግሞ ለማንም የሚሆን ባሕርይ ነው። ክር የሚባለው በጸሐፊዋ አእምሮ ውስጥ የተለወጠ ነገር ነው፣ ከነለወጠው ምክንያት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ ሦስት ነገር ይዞ መውጣት አለበት፦ በፊት ምን ታምን እንደነበር፣ ምን እንዳየች፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን በምን ዓይን እንደምታይ። የእኛው እንዲህ ይሆናል፦ «ዱቤ የሚያዘገይ ሰው የማይታመን ይመስለኝ ነበር፤ ደብተሩን በቀን ስገለብጠው ግን የሚያሳየኝ የሰውን ጠባይ ሳይሆን ገንዘብ እጁ የሚገባበትን ቀን መሆኑን አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መዝገብ ሳይ ምን ያልጻፈው ነገር እንዳለ እጠይቃለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ኤሴዩ ውስጥ አይገባም። በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒውተሩ አጠገብ የሚቀመጥ መለኪያ ነው።

በዚህ መለኪያ አንቀጽ አንድ፣ ሦስት፣ ስምንት፣ አሥርና አሥራ አንድ በሙሉ ይወጣሉ። 440 ቃል ሄደ፤ 770 ቀረ። እዚህ ላይ ተማሪው «ሽልማቴስ? ክበቤስ?» ማለቱ አይቀርም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ማመልከቻው ኤሴይ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኮመን አፕ አሥር እንቅስቃሴዎችን የሚያስመዘግብ ክፍል አለው፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ሆሄ ይፈቅዳል። ለአምስት ሽልማቶችም ቦታ አለ። ሮቦቲክስ ክበቡ እዚያ በአንድ መስመር ሲጻፍ በኤሴይ ውስጥ በ50 ቃል ከሚያገኘው የተሻለ ይታያል፤ አንባቢው እንዲህ ያለውን መረጃ የሚፈልገው እዚያ ነውና። የትምህርት ውጤቱም ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። የአጎት ወሬ ግን የትም መሄድ የለበትም።

ሁለተኛው አንቀጽ አስቸጋሪ ይመስላል። ትውልድን መዝለል ለእኛ ነውር ነገር ነው፤ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይናገር እንዴት ይጀምራል? ግን ከ120 ቃሉ ክሩ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ቦታው ደሴ መሆኑን፣ ሱቁን የምታንቀሳቅሰው እናት ብቻዋን መሆኗን። ይህ በ15 ቃል የአራተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ይገባል። 665 ቀረ።

ሰባተኛው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ኤሴይ የሚበላሸው እዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ከተማዋን ለቀቀ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ሲመለሱ ሱቁ ተዘርፏል። ይህ ከሁሉም የከበደ ክስተት ስለሆነ አማካሪው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው ሁሉ «ኤሴዩ ይህ መሆን አለበት» ይላል። እንደ እኔ ግን የክስተቱ ክብደትና የኤሴዩ ክር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በረቂቁ ውስጥ መፈናቀሉ የተነገረው እንደ ዜና ነው፦ መቼ እንደወጡ፣ የት እንደተጠለሉ፣ ስንት ወር እንደቆዩ። ኮሌጁ ይህን ማወቅ አለበት፤ ውጤቷ ለምን በዚያ ዓመት እንደወረደ ያስረዳልና። ቦታው ግን ሌላ ነው። ኮመን አፕ ስለ አስቸጋሪ ሁኔታዎች የሚጠይቅ፣ መመለስ ግዴታ ያልሆነ፣ እስከ 250 ቃል የሚቀበል ክፍል አለው። እዚያ በቀጥታ፣ ያለ ማስዋቢያ፣ ከነቀኑ ይጻፋል።

ከአንቀጹ መጨረሻ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳያመልጥ። ሲመለሱ ደብተሩም የለም። በዚያው ሳምንት ከባለ ዕዳዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው መጥተው ያለባቸውን ተናገሩ፤ ሁለቱ እናትየዋ የማታስታውሰውን ዕዳ ጭምር። ረቂቁ ይህን በችኮላ ነው ያለፈው፤ ክሩ ግን በውስጡ ያልፋል። መዝገቡ ጠፍቶ ዕዳው አልጠፋም። ስለዚህ ከ115 ቃሉ 80ው ይወጣል፣ 35 ይቀራል። ድምሩ 585 ሆነ።

አንድ ቃል ሳንቆነጥር ገደቡን በ65 ቃል አልፈነው ወረድን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ይላል። ገና አላለቀም፤ አንቀጾች በሙሉ ሲነሱ የቀሩት እርስ በርስ አይነካኩም። ይህን ለማየት ቀላል ፈተና አለ። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የተከታዩን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጎን ለጎን አውጥቶ በመካከላቸው አንድ ቃል ማስገባት ነው። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ከገባ መጋጠሚያው አለ። የሚስማማው «በተጨማሪም» ወይም «ከዚያም አንድ ቀን» ብቻ ከሆነ መጋጠሚያው ጠፍቷል።

በእኛ ረቂቅ አምስትና ስድስት መካከል የሚገባው «ከዚያም አንድ ቀን» ነው። ልጅቷ የማይከፍሉትን ታዝባለች፤ ከዚያም አንድ ቀን ደብተሩን በቀን ቅደም ተከተል ትገለብጠዋለች። ለምን? ረቂቁ አይናገርም። ጸሐፊዋ ስትጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ለሰባት ሰዎች ዱቤ እንዲቆም እናቷን ጠይቃ ነበር፣ እናቷ ምክንያት ሳትሰጥ እምቢ አለች፣ እሷም እናቷን በቁጥር ልትረታ ደብተሩን ገለበጠች። ኤሴዩ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ 1,210 ቃል ውስጥ ግን አልነበረም! ረዥም ረቂቅ የሚንዛዛው ብዙ ነገር ስለያዘ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ዋናውን ስላልተናገረ ዙሪያውን ይዞራል። ይህ መጋጠሚያ 35 ቃል ይወስዳል።

ስድስተኛው ራሱ የተለወጠበት ቦታ ስለሆነ መስፋት አለበት። ረቂቁ «ሰዎች የሚከፍሉት ገንዘብ ሲያገኙ እንደሆነ ተረዳሁ» ይላል። ይህ ድምዳሜ ነው፤ ደብተሩ ላይ የታየው የታለ? ሸክም የሚሠራው ሰው በገበያ ማግስት ይከፍላል። መምህሩ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ይከፍላል። ለሆቴል እንጀራ የምታቀርበው ሴት ሆቴሉ ሒሳብ በሚዘጋበት በየሁለት ሳምንቱ። እናትየዋ ይህን ሳትጽፈው ታውቀዋለች። «ተረዳሁ» የሚለው መስመር ቢወጣ አይጎድልም፤ ሦስቱ ሰዎች እሱ ከወጣ በኋላ 45 ቃል ይጨምራሉ። ሰባትና ዘጠኝን ለማገናኘትም 30 ቃል ይሂድ፤ «ስታቲስቲክስ ለአገሬ ዕድገት ወሳኝ ስለሆነ» የሚለው ምክንያት የማንም ነው፣ ከጠፋው ደብተር የሚነሳው ጥያቄ ግን የእሷ ብቻ ነው፦ መዝገብ የማይዘውን ነገር እንዴት እንቆጥራለን?

አሁን 695 ሆነናል። ቃል መቆንጠር የሚጀመረው እዚህ ነው፤ የሚፈለገውም 50 ብቻ ነው። ከየት? ከክሩ ርቆ ካለው፣ ከአራተኛው አንቀጽ። ሱቁን የሚስለው አንቀጽ ከነጨመርነው 15 ቃል 155 ነው፤ ወደ 105 ይወርዳል። በመደርደሪያው ላይ የተዘረዘሩት ስምንት ዕቃዎች ሦስት ይሁኑ፤ የሚቀሩት ሰው በዱቤ የሚወስዳቸው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ናቸው። «እናቴ በጣም ጠንካራና ታታሪ ሴት ስለሆነች ሁልጊዜ በየቀኑ ማለዳ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሱቁን ትከፍት ነበር» የሚለው «እናቴ ሱቁን የምትከፍተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው» ይሆናል። ታታሪነቷን ሰዓቱ ተናገረ። (በእንግሊዝኛው አምስት ሰዓት ተብሎ መጻፉን፣ 2014ም ወደ 2021 መቀየሩን ማረጋገጥ ነው፤ ይህ ስህተት ቃል አያስጨምርም፣ አንባቢውን ግን ያደናግራል።)

ከአማርኛ ይዘን የምንመጣው አንድ ልማድ በዚህ ደረጃ ብዙ ቃል ያስገኛል፤ ቃላትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስኬድ። ጥንቃቄና ትጋት፣ ፍቅርና አክብሮት፣ ደስታና ሐሴት። በቋንቋችን ይህ ለጆሮ ይስማማል፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ሁለተኛው ቃል ክፍያ የማይመልስ ወጪ ነው። ሌላው ማብራሪያ ነው። ዱቤ ምን እንደሆነ ለአሜሪካዊ አንባቢ መንገር ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቦታ በአምስት ስድስት ቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ረቂቁ ሦስት ቦታ ነው ያብራራው።

መቁረጥ የሌለበትንም ልንገር። ተማሪ 20 ቃል ሲያጥረው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው «እናቴን ልረታ» ወደሚለው ዓይነት ሐረግ ነው፤ ያለ እሱም ዓረፍተ ነገሩ ይቆማልና። ሰዋስው ይቆማል፣ ምክንያቱ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ከመቆንጠር በፊት መጋጠሚያዎቹን በቀለም ቀልሞ መከለል ይጠቅማል። የቀረው ሁሉ ሊነካ ይችላል።

ውጤቱ 645 ነው። ቢያንስ አምስት ቃል መተው ጥሩ ነው፤ በሰረዝ የተያያዘ ቃልን አንዱ ቆጣሪ አንድ፣ ሌላው ሁለት ሊለው ይችላል። የሚታመነው ቆጣሪ የማመልከቻው ሳጥን ብቻ ነው። ሲለጠፍ አንቀጾቹ መለያየታቸውን ቅድመ ዕይታው ላይ ማየትም አይረሳ።

ከዚያ ረቂቁን አንብቦ ለማያውቅ አንድ ሰው መስጠት ነው፤ አንድ ሰው ብቻ። ለአምስት ሰው ከተሰጠ አምስቱም የሚጨመር ነገር ያመጣሉ፣ የወጣው አጎትም ተመልሶ ይገባል። ለአንባቢው የሚቀርበው ጥያቄ «እንዴት ነው?» ሳይሆን «ልጅቷ ምን ታስብ ነበር፣ አሁን ምን ታስባለች?» ነው፤ ወረቀቱን ዘግቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልስ። «እናቷን በሱቅ የምትረዳ ጎበዝ ልጅ ናት» ካለ ክሩ ተበጥሷል፤ የተበጠሰው ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ አምስትና ስድስት መካከል ነው። «ሰዎቹ አጭበርባሪ መስለዋት ነበር፣ ለካ ደመወዛቸው ነው የሚዘገየው» ካለ፣ ቃሉ ባይመሳሰልም ደርሷል።

መጨረሻው ባዶ ሆኖ ለሚያስፈራው ተማሪ፦ ምስጋናውና ምኞቱ ሲወጣ ኤሴዩ የሚቆመው ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ፣ በጥያቄዋ ነው። መምህራችን ያስተማረን መደምደሚያ የለውም። አንባቢው ግን ያነበበውን ድጋሚ እንዲነገረው አይፈልግም፤ እነዚያ 85 ቃላት ናቸው ሦስቱን ደንበኞች ያስገቡልን።

ይኸው ኤሴይ ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች ሲሄድ እንደገና መቀስ ይጠብቀዋል። እዚያ ከስምንት ጥያቄዎች አራት ተመርጠው እያንዳንዳቸው እስከ 350 ቃል ይመለሳሉ። ከ645 ወደ 350 በመቆንጠር አይደረስም። እዚህ የሚወጣው ሁለተኛው ለውጥ በሙሉ ነው፤ መፈናቀሉ፣ የጠፋው ደብተር፣ ሳይጠየቁ መጥተው ዕዳቸውን የተናገሩት ሰዎች። ያማል፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ሊሆን ይችላል። ግን በ40 ቃል ቢጠቀጠቅ ጌጥ ይሆናል እንጂ አይታመንም። ሱቁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ከሦስቱ ደንበኞች ሁለቱ ይቀራሉ፣ የእናትየዋ እምቢታና ልጅቷ ልትረታት መነሳቷ ግን እንዳለ፣ አንድ ቃል ሳይነካ ይገባል።